አባቴን በወረቀት ላይ

ስለ አስቸጋሪ ወላጅ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ የሚመጡለት ቃላት ቅጽሎች ናቸው፤ ጨካኝ፣ ግልፍተኛ፣ ንፉግ። ቃላቱ ውሸት ላይሆኑ ይችላሉ። ችግራቸው ፍርድ መሆናቸው ነው፤ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ የሚመረመር ነገር አይኖርም። በማርኬቲንግ ሥራዬ አንድ ደንበኛ ዕቃችንን መግዛት ቢያቆምና «መጥፎ ደንበኛ ነው» ብዬ ሪፖርት ባቀርብ አለቃዬ ይስቅብኛል። የምጠየቀው ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገውና ያን ጊዜ ኑሮው ምን ይመስል እንደነበር ነው።

ስለዚህ ቅጽሉን ይተዉትና አንድ ቀን ይጻፉ። ስለ ሟቹ አባቴ የጻፍኩት ቀን የ1993 ዓ.ም. ክረምት ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ወንድሜ አሥራ አንድ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ግቢ ውስጥ ኳስ ስንጫወት ኳሷ የቆርቆሮውን በር መታችው። አባታችን ቀበቶውን ይዞ ወጣ። ዘለፋ የለም፣ ጥያቄ የለም። የቀበቶው ዘለበት የወንድሜን ጆሮ ሰነጠቀው። ይህ ሁሉ «ቁጡ ነበር» ከሚለው ቃል ይከብዳል፤ ግን ገና ፍርድ አይደለም።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በግራ በኩል የእርስዎን ዕድሜ፣ በቀኝ በኩል በዚያው ዓመት የወላጅዎን ዕድሜና ያጋጠመውን ነገር ይጻፉ፤ ሥራ፣ ገቢ፣ ሐዘን፣ የአገር ጉዳይ። በእኔ ወረቀት ቀኝ በኩል 1983 ዓ.ም. ላይ አባቴ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነው። ደርግ ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ ደመወዙ ቆመ። እኔ ስወለድ የመጋዘን የሌሊት ጥበቃ ሆኗል፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። በግራ በኩል ከመዘገብኳቸው ሰባት የዱላ ቀኖች ስድስቱ ክረምት ላይ መሆናቸውን ያየሁት ወረቀቱ ላይ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኛ ቀኑን ሙሉ ቤት ነን፣ እሱ ደግሞ የሚተኛው ቀን ነው።

ወረቀቱ ላይ ክፍት የሚቀሩ ቦታዎችን የሚሞሉት ዘመዶች ናቸው። እዚህ ላይ አጠያየቁ ወሳኝ ነው። አክስቴን «ለምን ይመታን ነበር?» ብላት ኖሮ ለወንድሟ ጠበቃ ትቆምለት ነበር። የጠየቅኳት «ያን ጊዜ ቀኑን እንዴት ነበር የሚያሳልፈው?» ብዬ ነው። «ሦስት ሰዓት ከተኛ ያ ቀን ሰርግ ነው፤ ጠዋት እንጨት ይፈልጣል፣ ከሰዓት ጋደም ይላል» አለችኝ። እንጨት ለሰው እየፈለጠ ገንዘብ ያገኝ እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር።

ግን ወረቀቱ ድካሙን ያስረዳል እንጂ ቀበቶውን አያስረዳም። ጎረቤታችንም የሌሊት ጥበቃ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ግን በዱላ ሲነኩ አላየሁም። ይህንን ዓረፍተ ነገር ማውጣት ቀላል ነበር፤ ሲወጣ ግን ጽሑፉ መረዳት መሆኑ ቀርቶ ይቅርታ መለመኛ ይሆናል። ወደየት እንደተንሸራተቱ በቃላትዎ ማወቅ ይችላሉ። «ሁልጊዜ» እና «አንድም ቀን» ከበዙ ብድር መመለስ ጀምረዋል። ከእያንዳንዱ ክፉ ቀን በኋላ «እሱስ ምን ያድርግ» ካሉ ደግሞ እያስተባበሉ ነው።

ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ለአባቱ እጅግ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው ብርቱ ክስ ነው። መጨረሻው አካባቢ ግን አባቱ ሊመልስለት የሚችለውን መልስ ራሱ በአባቱ አንደበት ጻፈው፤ መልሱም ለካፍካ የሚያዝን አይደለም። እኔም አንድ ገጽ ሞከርኩ። አባቴ በገጹ ላይ የተናገረው አጭር ነው፦ «ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድራለሁ። ቀን ደግሞ ድንገት የሆነ ነገር ሲጮህ እጄ ቀድሞኝ ይነሳል።» ይህ የእኔ ግምት ስለሆነ በጽሑፉ ውስጥ ግምት መሆኑን በግልጽ አስፍሬያለሁ።

ጽሑፉን ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለወንድሜ ሰጠሁት፤ የተሰነጠቀው የእሱ ጆሮ ነውና ይውጣ ቢል ይወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «ያን ቀን ማታ ሥራ አልሄደም። እስኪነጋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱም ይግባ» አለኝ። ከዘለበቱ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ አስገባሁት፤ በመካከላቸው «ግን» የሚል ቃል የለም።