ባሕር ላላዩ ልጆች የባሕርን ጨው ማስተማር

የባሕር ውሃ ለምን ጨዋማ እንደሆነ ለአራተኛ ወይም ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት አብዛኞቹ ተማሪዎች ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ስለዚህ ትምህርቱ የማዕበልና የመርከብ ሥዕል በማሳየት ሳይሆን ልጆቹ በሚያውቁት ውሃ ቢጀመር ይሻላል። ከትምህርቱ ሊጨብጡ የሚገባው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ውሃ ሲተን በውስጡ የሟሟው ጨው አብሮት አይሄድም።

ዝግጅቱ ከክፍለ ጊዜው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጠቆር ያሉ ሦስት ዝርግ ሳህኖች ይቀርባሉ። በአንደኛው የዝናብ ውሃ፣ በሁለተኛው የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ፣ በሦስተኛው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ጥቂት ማንኪያ ይጨመርና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። የዝናቡ ውሃ በቀጥታ ከሰማይ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ መሆን አለበት፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ የጣሪያው አቧራ ሳህኑ ላይ ይቀርና ልጆቹን ያሳስታል። ውሃው ሲደርቅ ጨው የነበረበት ሳህን በነጭ ቅርፊት ይሸፈናል፤ የዝናቡ ሳህን ባዶ ይሆናል ለማለት ይቻላል። ልጆቹን የሚያስገርማቸው ግን መካከለኛው ነው። ጣዕም የለውም ብለው የሚጠጡት የምንጭ ውሃ በሳህኑ ዙሪያ ስስ ነጭ መስመር ትቶ ይገኛል። በቤታቸው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የኖራ ዓይነት ማዕድን እንጂ የወጥ ጨው አለመሆናቸውን መምህሩ መንገር አለበት፤ ውሃው ከአፈርና ከድንጋይ አሟሙቶ ያመጣው መሆኑን ግን በግልጽ ያሳያሉ።

ቀጥሎ ልጆቹ ራሳቸው የባሕር ውሃ ይሠራሉ። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ይህም በደቀቀ ጨው ወደ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ከዚህ ይበልጥ ጨዋማ በመሆኑ 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። ውሃውና ዕቃው ንጹሕ ከሆነ ልጆቹ በምላስ ጫፍ ሊቀምሱት ይችላሉ። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ዕንቁላል ማንሳፈፍ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ትኩስ ዕንቁላል በዚህ መጠን በተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። እንዲንሳፈፍ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ጨው ስለሚያስፈልግ፣ ዕንቁላሉን የባሕር ውሃ ማሳያ ማድረግ ትክክል አይደለም።

የተሠራው የባሕር ውሃ ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ዕቃ ይገለበጣል። በመካከሉ ከዕቃው ጠርዝ ዝቅ የምትል ባዶ ስኒ ትቀመጣለች። የዕቃው አፍ በግልጽ ላስቲክ ተሸፍኖ ዙሪያው በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና፣ ላስቲኩ ወደ ስኒዋ እንዲሰረጉድ በትክክል ከስኒዋ በላይ ትንሽ ጠጠር ይደረግበታል። ዕቃው ጠዋት ፀሐይ ላይ ከዋለ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል በጠብታ ይሸፈናል፤ ጠብታዎቹም ወደ ጠጠሩ እየተንሸራተቱ ስኒዋ ውስጥ ይወድቃሉ። ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ጥቂት ማንኪያ ውሃ ብቻ ቢሆንም ጨው ጨው አይልም። ጨው ጨው ካለ ሙከራው አልተበላሸም፤ ምክንያቱን መፈለግ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። ዕቃው ሲነሳ የጨው ውሃ ወደ ስኒዋ ተረጭቶ ወይም ላስቲኩ የጨው ውሃውን ነክቶ ይሆናል። በምላስ ከመፍረድ ይልቅ የስኒዋን ውሃ ጠቆር ባለ ሳህን ላይ አድርቆ ነጭ ነገር መተው አለመተውን ማየት የበለጠ ያሳምናል።

ከዚህ በኋላ የውሃ ዑደትን ማስረዳት ቀላል ይሆናል። ፀሐይ ውቅያኖስን ታሞቃለች፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው እዚያው ይቀራል። ተኑን ነፋስ ይዞት ይጓዛል። ተራራማ አገር ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ደመና ሠርቶ ይዘንባል። የኢትዮጵያን ደጋ የሚያረሰርሰው ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስና ከአትላንቲክ አቅጣጫ የሚመጣ እርጥበት አለበት። በመማሪያ ሥዕሎች ላይ አንድ ቀስት ከባሕር ወደ ተራራ፣ ሌላ ቀስት ከተራራ ወደ ባሕር ይሳላል። ይህ ልጆቹን ሊያሳስት ይችላል፤ ከውቅያኖስ ከሚተነው ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል መልሶ እዚያው ውቅያኖስ ላይ ይዘንባል። ከየብስ ዝናብም ብዙው ወንዝ ሳይሆን ከአፈርና ከቅጠል እንደገና ይተናል።

የቀረው ጥያቄ ጨው ባሕር ውስጥ እንዴት እንደተጠራቀመ ነው። ለዚህ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተሻለ ማስረጃ የለም። የመቂና የቀጠር ወንዞች ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ ደግሞ ቡልቡላ ወጥቶ አብያታ ይገባል። ዝዋይ መውጫ ስላለው ወንዞቹ ያመጡት ማዕድን አብሮ ይፈሳል፤ ውሃውም ጨዋማ አይደለም። አብያታ መውጫ የለውም፤ ውሃው የሚሄደው በትነት ስለሆነ ማዕድኑ እየቀረ ይከማቻል። የተጠራቀመው በአብዛኛው ሶዳ ሲሆን አሠራሩ ግን አንድ ነው። መምህሩ ሁለቱን ሐይቆች መሬት ላይ በእንጨት ከሣለ በኋላ ስለ ጣና ይጠይቅ። ዓባይ ከጣና እንደሚወጣ የሚያውቅ ልጅ መልሱን ሳይነገረው ይደርስበታል። አዋሽስ? ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ አቤም ጨዋማ ነው። ሐዋሳ ሐይቅን የሚያውቅ ተማሪ ግን ሊከራከር ይችላል፤ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ሳይኖረው ጨዋማነቱ ዝቅተኛ ነውና። የዚህ ምክንያት ውሃው ከመሬት ሥር እየሰረገ መውጣቱ እንደሆነ ይታመናል፤ መውጫ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም።

ውቅያኖስ ወንዞች የሚገቡበት፣ ከእርሱ ግን ወንዝ የማይወጣበት ትልቁ ማጠራቀሚያ ነው። ከወንዞች ሌላ እሳተ ገሞራና በባሕር ወለል ያሉ ፍል ምንጮችም ማዕድን ይጨምሩበታል። ታዲያ ለምን በየዓመቱ ጨዋማነቱ አይጨምርም? ጨውም መውጫ መንገድ ስላለው ነው፤ ከፊሉ በባሕር ወለል ደለል ይያዛል፣ ከፊሉ ከዋናው ባሕር ተቆርጦ የቀረ ውሃ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ማስረጃው አፋር ውስጥ ነው። የቀይ ባሕር ውሃ በጥንት ዘመን ደናክል ረባዳ ገብቶ ደርቋል፤ እዚያ ያለው የጨው ክምችት ጥልቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጨው ቆራጮች በምሣር የሚያወጡት አሞሌ ከዚሁ አካባቢ ነው። አሞሌ በገበያ ከተገኘ ክፍል ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር።

በመጨረሻ መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፦ ዝናብ ከባሕር ከመጣ ለምን ጨው ጨው አይልም? «ደመና ስለሚያጣራው» የሚል መልስ የሰጠ ልጅ ነገሩን ገና አልጨበጠም፤ የላስቲኩን ሙከራ በራሱ እጅ ይድገመው። «ጨው ባሕር ውስጥ ስለሚቀር» ያለ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል።