በላይ ነው በታች? ደሴ ላይ ዕቃ ማድረስ

ደሴ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ባለባጃጅ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤት ቁጥር አይደለም። ቢጠይቅም ብዙ አይጠቅመውም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በ1967 ከወጣ በኋላ ቀበሌዎች ለቤቶች የሰጡት ቁጥር ነዋሪን ለመመዝገብና ኪራይ ለመሰብሰብ እንጂ መንገደኛን ለመምራት የታሰበ አልነበረም። በዚያ ላይ ግቢ ይከፈላል፣ ቀበሌ ይጣመራል፤ 214 ቁጥር ያለበትን በር ያገኘ ሰው 215ን በቀጣዩ አጥር ላይ ላያገኘው ይችላል። ፖስታ ቤትም ለዘመናት የሠራው በሳጥን ቁጥር ስለሆነ ደብዳቤውን ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ያወጣል።

ስለዚህ አድራሻው በስልክ ይሠራል።

«ሄሎ እትዬ፣ ዕቃ ይዤልዎት ነበር። የት ጋ ነው ቤትዎ?»

«ሸዋበር ነኝ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብለህ።»

«በላይ ነው በታች የምገባው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ሸዋበር ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ ሰፊ ነው። ወፍጮ ቤቱ ያጠብበዋል፤ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማና ማንም ስለሚያውቀው ከትልቅ ሕንፃ ይልቅ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ቤቶች አንዱ ከላይኛው ኮብልስቶን፣ ሌላው ከታችኛው አስፋልት ይገባባቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ለእግረኛ ብቻ የምትሆን ቀጥ ያለች መውረጃ ናት። የካርታው መተግበሪያ ስድሳ ሜትር ይላል፤ ባጃጁ ግን ዞሮ መምጣት አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላኩ ሦስት ዕቃዎች መናኸሪያ ደርሰዋል እንበል። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቤት ስድሳ ሜትር ይራራቃሉ፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ሰባት መቶ ሜትር ይርቃል። ካርታ ብቻ ያየ ሰው አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ያደርሳል። አሁን መግቢያቸውን እንይ፦ አንደኛውና ሦስተኛው ከላይኛው መንገድ፣ ሁለተኛው ከታችኛው ይገባባቸዋል። ከላይ ወደ ታች መዞሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ያ ሰው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ግማሹም ዳገት። አንደኛውንና ሦስተኛውን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው የሚወርደው ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ቁልቁል ይዞራል። የቤቶቹን ቅርበት ትቶ ዕቃውን በመግቢያ መንገድ መመደብ ይሏል ይህ ነው። ከባድ ዕቃ ካለ ይህ ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይችላል፤ ታች የሚወርድ ሁለት ኩንታል ዱቄት ጭኖ ዳገት ለዳገት የሚዞር የለም።

ጎግል ካርታ ላይ ቦታውን ጫን አድርገው ሲይዙት የሚወጣው አጭር ኮድ እዚህ ላይ ያግዛል። `4JJJ+22 ደሴ` የሚለው ለምሳሌ በግምት 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነች አንዲት ካሬ ቦታን ያመለክታል፤ ለመላክም ለመጻፍም ቀላል ነው። ጉድለቱ ኮዱ ስለ ከፍታም ስለ መግቢያም ምንም አለመናገሩ ነው። የእኔ ምክር ባለቤቱ የቤቱን ሳይሆን ባጃጅ የሚቆምበትን ቦታ ኮድ እንዲልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሰፈር ውስጥ የሚጫወት ልጅ ያሳያል።

አድራሾች መዝገብ ቢይዙ ከስልክ ቁጥሩ ጎን ሦስት ነገር ይበቃቸዋል፦ መግቢያው፣ የቅርብ ምልክቱና በክረምት መንገዱ ይገባ እንደሆነ። ጥሩ አለመመዝገቡ የሚታወቀው ለአንድ ደንበኛ በሁለተኛውም ጊዜ ሦስት አራት ስልክ ሲደወል ነው። ምልክቱ ጠፍቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ ወይም ወፍጮው ተነቅሎ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ይታረም።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ላይና ታች ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው በዋናው መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪናና መታጠፊያው ነው። ደሴ ተቀምጦ ወደዚያ ዕቃ የሚልክ ግን ሒሳቡ የሚበላሸው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ርቀቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። ደሴ ውስጥ ያልተገኘ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊሞከር ይችላል፤ ኮምቦልቻ ያልተገኘው ግን ዕቃው ዳገቱን ተመልሶ ይወጣል፣ በማግስቱም እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው አድራሽ ለኮምቦልቻ ደንበኞቹ በሙሉ ከመነሳቱ በፊት ይደውላል። ስልኩን ያላነሳው ሰው ዕቃ አይጫንም፤ አንስቶ ቤት አልገኝም ካለው ጋር ግን፣ የኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ የሚታመን ሱቅ ካለ፣ ዕቃው እዚያ ተቀምጦ እንዲወስደው ይስማማሉ።