ቡናማው ጋዝ ሲጨመቅ ይደምቃል ወይስ ይፈዛል?

ሰሞኑን ለፈተና ዝግጅት የተባዛ ጽሑፍ እጄ ገባ። NO₂ የተሞላ ስሪንጅ ሲጨመቅ ቡናማው ቀለም ከመጀመሪያው ይልቅ ይፈዛል ይላል። አይፈዝም! በዚህ መልስ ስንቱ ተማሪ ተሳስቶ እንደሚወጣ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መሠረቱ አጭር ነው። ቡናማዎቹ የNO₂ ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመሩና ቀለም የሌለው N₂O₄ ይሆናሉ፤ ጥንዱም መልሶ ይፈርሳል። መጣመሩና መፍረሱ እኩል ሲፈጥኑ ሚዛን ላይ ደረሰ እንላለን። («ሚዛን» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። የገበያ ሚዛን ሲስተካከል ቀጥ ይላል፤ እዚህ ግን አንዲትም ሞለኪውል አታርፍም።)

አሁን ስሪንጁን ወደ ግማሽ እንግፋው። የሰርግ ድንኳን በግማሽ ሲጠብ ሰው ከሰው ጋር መጋጨቱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ ጋዙ ሁለት እጥፍ ሲታመቅ የNO₂ ግጭቶች አራት እጥፍ ይሆናሉ። ለመፍረስ ግን ጥንዱ ሌላ ሞለኪውል መጠበቅ ስለማያስፈልገው መፍረሱ እጥፍ ብቻ ይሆናል። ጥምረቱ የሚያሸንፈው በዚህ ብልጫ ነው።

በቁጥር እንየው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የN₂O₄ ግፊት ለNO₂ ግፊት ካሬ ሲካፈል፣ በአትሞስፌር ከተለካ፣ 6.8 ገደማ ነው። NO₂ 0.30 ከሆነ N₂O₄ 0.61 ይሆናል። ስንጨምቀው በቅጽበት 0.60 እና 1.22 ይደርሳሉ፤ ስሌቱ ወደ 3.4 ይወርዳል። 6.8 እስኪመለስ ድረስ ጥምረቱ ይቀጥልና NO₂ 0.44 ላይ ይረጋል። ከ0.60 ያንሳል፣ ከ0.30 ግን ይበልጣል። ቀለሙ መጀመሪያ ይደምቃል፣ ከዚያ ጥቂት ይለዝባል፤ በመጨረሻም ከመነሻው እንደጠቆረ ይቀራል። ሚዛኑ ለውጡን ያቃልላል እንጂ አይሰርዘውም።

ስህተቱ ከየት መጣ? ስሪንጁን ከጎን ሳይሆን ከጫፉ ወደ ውስጥ ያየ ሰው በእርግጥ ሲፈዝ ያያል። ጋዙ ሲታመቅ ብርሃን የሚያልፍበት ርዝመትም በግማሽ ስለሚያጥር ሁለቱ ይጣፋሉ፤ የሚታየው የጥምረቱ ውጤት ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄም አለ፦ መጨመቅ ጋዙን ለአፍታ ያሞቀዋል፣ ሙቀት ደግሞ ጥንዶችን ያፈርሳል። ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ አይፈረድም።

ሙቀት ከግፊት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግፊት ሲለወጥ 6.8 አይነካም፤ ሙቀት ሲለወጥ ግን ራሱ ቁጥሩ ይለወጣል። ሲጣመሩ ሙቀት ስለሚወጣ፣ የታሸገው ቱቦ በረዶ ውስጥ ሲነከር ይገረጣል፣ ፍል ውሃ ውስጥ ይጠቁራል። (ጋዙ መርዝ ስለሆነ ቱቦው አይከፈትም።) ትርፍ NO₂ ቢጨመርም ጥምረቱ ይበረታል፣ ምክንያቱም ያው ግጭት ነው።

ስሪንጁ ሳይንቀሳቀስ ሂሊየም ቢጨመርበትስ? ጠቅላላው ግፊት ይጨምራል፤ የNO₂ና የN₂O₄ ድርሻ ግፊት ግን ስለማይለወጥ ሚዛኑ ካለበት አይነቃነቅም።