«ስንት ወጣቶች ሠለጠኑ?» ወይስ «ስንቱ ሥራ አገኙ?»፦ ሎጂክ ሞዴልና አመላካቾች በፕሮጀክት ሐሳብ ውስጥ

ለለጋሾች በሚቀርብ የፕሮጀክት ሐሳብ ውስጥ ሎጂክ ሞዴል የሚባለው ክፍል፣ ገንዘቡ ወደ ሥራ፣ ሥራውም ወደ ለውጥ የሚሸጋገርበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ደረጃዎቹ ግብአት፣ ተግባር፣ የቅርብ ውጤትና ለውጥ ናቸው። በቀላሉ የሚደባለቁት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል፣ በሚኤሶ ከተማ ቋሚ ሥራ የሌላቸውን 60 ወጣቶች በብየዳ ሙያ ለማሠልጠን ታስቧል እንበል። መምህሩ፣ የብየዳ ማሽኑና ብረቱ ግብአት ናቸው፤ የ6 ወሩ ሥልጠና ተግባር ነው፤ ሥልጠናውን ጨርሰው የብቃት ምዘናውን ያለፉት ወጣቶች የቅርብ ውጤት ናቸው። ለውጥ የሚባለው ግን ወጣቶቹ በተማሩት ሙያ ገቢ ማግኘታቸው ነው። «60 ወጣቶች ይሠለጥናሉ» የሚለው በለውጥ ሥር ከተጻፈ፣ ኮሚቴው የሚለካው የራሱን ድካም እንጂ የወጣቶቹን ኑሮ አይደለም።

ከምስክር ወረቀት ወደ ገቢ የሚደረሰው በታሳቢ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሚኤሶ ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድና በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ ስለምትገኝ፣ የብየዳ ሥራ አይጠፋም ብሎ መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ ግምቱ ሐሳቡ ከመጻፉ በፊት ሊፈተሽ ይገባል። የከተማው ጋራዦችና የብረታ ብረት ቤቶች በዓመት ስንት ሰው ይቀጥራሉ? የሚቀጥሩት ጥቂት ከሆነ፣ የሥራ መሣሪያ ማቅረብና የጋራ መሥሪያ ቦታ ማመቻቸት በተግባራቱ ውስጥ መጨመር አለበት።

አመላካቹም ማንን፣ በምን፣ መቼ እንደሚለካ በግልጽ ይናገር፦ «ከተመዘገቡት 60 ወጣቶች መካከል፣ ሥልጠናው ካበቃ ከ6 ወር በኋላ በብየዳ ሙያ ገቢ የሚያገኙት በመቶኛ።» ከ60ው 48ቱ ሥልጠናውን ቢጨርሱና 30ው ሥራ ቢያገኙ ውጤቱ 50 በመቶ ነው። ለ48 ተካፍሎ 62.5 በመቶ ቢባል ግን ያቋረጡት 12 ወጣቶች ከሪፖርቱ ይሰወራሉ። በምዝገባ ዕለት 6ቱ በጋራዥ ረዳትነት ከብየዳ ገቢ ያገኙ ከነበረ፣ መነሻው 10 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ሪፖርቱ ከ10 ወደ 50 በመቶ መድረሱን ይገልጻል።

ይህን ለመለካት በምዝገባ ጊዜ የወጣቱን ስልክ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰቡን ስልክም መያዝ ያስፈልጋል፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ይኖራልና። ያልተገኘው ወጣት ሥራ እንዳገኘ አይቆጠርም፤ ከ60ውም አይቀነስም፤ «አልተገኘም» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። የዚህ ክትትል የስልክና የጉዞ ወጪ ገና ከመጀመሪያው በበጀቱ ካልተያዘ፣ አመላካቹ በወረቀት ላይ ይቀራል።