ከቁስሉ መሃል ሳይሆን ከዳሩ

በጨጓራ ኢንዶስኮፒ ፎቶ ላይ የሚታይን ቅላት ብዙ ሰው እንደ መጨረሻ ውጤት ያነበዋል። ከቀላ «ብግነት አለ»፣ ልስልስና ሮዝ ከሆነ «ጤነኛ ነው» ይባላል። ሁለቱም የችኮላ ፍርዶች ናቸው። ብግነትን የሚመሰክሩት በጨጓራው ሽፋን ውስጥ የተሰበሰቡ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ እንጂ ካሜራ አይደለም። የቀላው ቦታ የደም ሥሮች ሰፍተውበት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኤች ፓይሎሪ የሰፈረበት ጨጓራ ደግሞ በስክሪኑ ላይ እንከን የሌለው ሊመስል ይችላል። ናሙና ዓይን ምንም ካላየበት ቦታም የሚወሰደው ለዚህ ነው።

አንድ ፎቶ እናስብ። ጨጓራው በአጭሩ ጎኑ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል የሚሆን ቁስል ይታያል፤ መሃሉ ነጭ፣ ዳሩ የቀላና ያበጠ ነው። ዓይን የሚሄደው ወደ ነጩ ነው። መቆንጠጫው ከዚያ የሚያመጣው ግን በአብዛኛው የሞተ ሥጋ ስለሆነ፣ ፓቶሎጂስቱ ካንሰር መኖር አለመኖሩን የሚለይበት ሕዋስ አያገኝም። ስለዚህ ናሙናው ከዳሩ፣ ዙሪያውን ከአራቱም አቅጣጫ ይወሰዳል። ካንሰር በአንዱ ጎን ብቻ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ቁራጭ ይመከራል። ቁስሉ ከጨጓራው አልፎ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ በዚያ ካንሰር እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያን ለመፈለግ ናሙናው የሚወሰደው ከጨጓራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሂዩስተን የተሻሻለው የጨጓራ ብግነት መመደቢያ፣ የሲድኒ ሥርዓት፣ ከቁስሉ ናሙና ሌላ አምስት ቁራጮች እንዲወሰዱ ይመክራል፤ ሁለት ከጨጓራው መውጫ አጠገብ ካለው ከአንትረም፣ ሁለት ከዋናው አካል፣ አንድ ከእጥፋቱ። «ባክቴሪያው የሚወደው አንትረምን ነው፤ ከዚያ ብቻ ቢወሰድስ?» የሚል ክርክር ይነሳል። መድኃኒት ላልጀመረ ሰው ክርክሩ በከፊል ያስኬዳል። ኦሜፕራዞል በሚወስድ ሰው ግን ባክቴሪያው በአንትረም ይመናመንና በዋናው አካል ሊቀር ይችላል፤ ከአንትረም ብቻ የወሰደ ሐኪም «የለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ሊደርሰው ይችላል። ለዚህም ነው ሐኪሙ ከፈቀደ መድኃኒቱ ከምርመራው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የሚቆመው። ሳይናገሩ እየዋጡ የሚመጡ ታካሚዎች ምርመራውን ያበላሹታል። የአንትረሙንና የዋናውን አካል ቁራጭ በአንድ ብልቃጥ የሚቀላቅል ባለሙያም ጥፋተኛ ነው፤ ሽፋኑ የሳሳው በየትኛው ክፍል እንደሆነ ከዚያ በኋላ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል።

«ይህን ያህል መቆንጠጥ አይጎዳም ወይ?» ለሚል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የጨጓራው ሽፋንም መቆንጠጡን እንደ ሕመም አይሰማውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ግን አስቀድሞ መናገር አለበት። ናሙናው ካንሰር ባያሳይም ቁስሉ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግም በካሜራ እንዲታይ ብዙ ሐኪሞች ያዝዛሉ፤ ካንሰር ያለበት ቁስልም አሲድ በሚቀንስ መድኃኒት ለጊዜው ሊጠግግ ይችላልና። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፎቶ ጠባሳው የትኛው ቦታ እንደሆነ ያመለክታል፤ አዲሱም ናሙና ከዚያው ይቆነጠራል።