ዝምታ ሪፖርት አይደለም

በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሞልተው ያጥለቀለቁት ውኃ ሲሸሽ ወባ ይከተላል። ስለዚህ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ዓይን በሳምንታዊው የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ላይ ያርፋል። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በሳምንቱ አንድም የወባ ታማሚ ባያይ እንኳ ዝም አይልም፤ «ዜሮ» ብሎ ይልካል። በአገራችን የቅኝት ሥርዓት ይህ «ዜሮ ሪፖርት» ይባላል። ምክንያቱም ባዶ የቀረ ሣጥን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ በሽታው የለም፣ ወይ ላኪው የለም። ሁለቱን የሚለየው ያች ዜሮ ናት።

ሪፖርቱ በወረቀትና በስልክ ሲሄድ ይህን ደንብ ሁሉም ያውቀው ነበር። መረጃው በኮምፒውተር መሄድ ሲጀምር ግን ደንቡ ብዙ ጊዜ ከሰዎቹ ጋር ብቻ ቀረ፤ ማሽኖቹ አልተማሩትም። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ዜሮ ሪፖርትን ለማሽን የሚያስተምረውን ዘዴ ነው።

ወረታ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ እናስብ። ሠራተኞቹ መረጃውን እዚያው ባለ ኮምፒውተር ያስገባሉ፤ በየሰዓቱ የሚነሣ ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ አዲሱን ለማዕከሉ ሰርቨር ይልካል። ይህን መላክ ሰዎቹ «ሲንክ» ይሉታል። ማክሰኞ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ የመዝገቡ ገጽ ይከፈታል፣ ሲንኩን በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው አገልግሎት ግን ሳይነሣ ይቀራል። ነርሷ እንደ ልማዷ መረጃ ታስገባለች፤ ምንም የጎደለ አይመስላትም። ማዕከሉ ያለው ባለሙያም የስሕተት መልእክት አልደረሰውም። ሊደርሰው አይችልም፤ «ሳይሳካልኝ ቀረ» የሚለውን ኢሜይል የሚልከው ያው ያልተነሣው ፕሮግራም ነውና። የወባው ቁጥር ሲያድግ የከረመበት ሳምንት በማዕከሉ ግራፍ ላይ ጸጥ ያለ ሳምንት ሆኖ ይታያል።

መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ ነው። ስሕተት ሲኖር ጩኽ ከማለት ይልቅ፣ ደኅና ስትሆን በየጊዜው ድምፅ ስጠኝ፣ ድምፅህ ሲጠፋ እኔ እጮኻለሁ ማለት። ሐሳቡ ከባቡር የመጣ ነው፤ ነጂው እጀታውን ወይም ፔዳሉን እንደ ተጫነ መቆየት አለበት፣ ቢሞት ወይም ራሱን ቢስት ይለቀዋል፣ ባቡሩም በራሱ ፍሬን ይይዛል። የእንግሊዝኛ ስሙም ዴድ ማንስ ስዊች የሆነው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ድምፅ የልብ ትርታ ይባላል። በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሥራው አንድ መስመር ነው፦

```
0 * * * * /opt/sync/push.sh && curl -fsS -m 10 --retry 3 -o /dev/null https://hc-ping.com/UUID
```

በየሰዓቱ መጀመሪያ `push.sh` መረጃውን ይልካል፤ ከተሳካለት ብቻ `curl` ወደ አንድ አድራሻ ትርታ ይሰዳል። ቁም ነገሩ ያለው `&&` ላይ ነው። ትርታው ከሥራው በፊት ቢላክ የሚመሰክረው ሥራው መጀመሩን እንጂ መጨረሱን አይደለም። `hc-ping.com` ሄልዝቼክስ የተባለው አገልግሎት አድራሻ ነው፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ በራስ ሰርቨር ላይም መትከል ይቻላል። `UUID` በተባለው ቦታ የእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የራሱ መለያ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስንት ሰዓት ዝም ሲል ይጮኽ? በየሰዓቱ የሚሠራ ሥራ ነውና ሁለት ሰዓት ይበቃል ማለት ይቀናል። ግን መብራት ግማሽ ቀን በሚጠፋበት ቦታ እንዲህ ያለ ማንቂያ በየሁለት ቀኑ ይጮኻል፤ በወሩ መጨረሻ ማንም አያነበውም። ያልተነበበ ማንቂያ እንደሌለ ነው። እኔ የምመርጠው ከሁለቱ ጫፎች መነሣትን ነው። አንደኛው ጫፍ በአካባቢው የተለመደው ረጅሙ መቋረጥ ነው፤ ከዚያ ማነስ የለበትም። ሁለተኛው መረጃው የሚፈለግበት ቀን ነው፤ ሰው ደውሎ፣ ሄዶ የሚያስተካክልበት ጊዜ መትረፍ አለበት። ለሳምንታዊ ሪፖርት ሃያ አራት ሰዓት መታገሥ ይቻላል፤ ቅዳሜ የቆመ ሲንክ እሑድ ይታወቃል፣ ሰኞ ሳይመሽ ይጠገናል። ወዲያው መነገር ያለበትን እንደ ኮሌራ ያለ በሽታ ግን ሲንክ ላይ መጣል ራሱ ስሕተት ነው፤ እሱ በስልክ ይነገር።

መብራት መጥፋቱን ከሲንኩ መቆም ለመለየት ሁለተኛ ትርታ ይጨመራል። እሱ ምንም ሥራ የለውም፤ ኮምፒውተሩ በየአምስት ደቂቃው «አለሁ» ይላል። ሁለቱም ከጠፉ መብራት ወይም ኔትወርክ ነው፤ ይጠበቃል። የኮምፒውተሩ እየመጣ የሲንኩ ከቀረ ግን የተበላሸው ሥራው ነው፤ ይህ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ትርታው እየመጣ መረጃው የሚቀርበትም ጊዜ አለ፤ ሰው ብዙ የሚታለለውም በዚህ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ `push | tee log` ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ሼሉ የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ነው። `tee` ፋይሉን ጽፎ «ተሳካ» ይላል፤ መላኩ ግን በይለፍ ቃል ምክንያት ተመልሶ ይሆናል። `set -o pipefail` ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። ፕሮግራሙ ራሱ ስሕተቱን ውጦ ዝም የሚል ከሆነ ግን ይህም አይበቃም። የተላከውን መዝገብ ብዛት ማየት ይረዳል፤ ሆኖም ዜሮ አንዳንዴ እውነተኛ ዜሮ ነው። ስለዚህ የሙከራ መዝገብ ይዘራል፤ በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር በየቀኑ ጠዋት የዕለቱን ቀን የያዘ፣ ከሕሙማን ቁጥር የማይደመር አንድ መዝገብ ይገባል። ማዕከሉ ያ መዝገብ መድረሱን ያያል። ከደረሰ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው፤ ትርታውንም ማዕከሉ ራሱ ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ጠባቂውስ ቢሞት? የሚያዳምጠው ፕሮግራም ከሚጠበቀው ጋር በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ መብራት፣ በአንድ መስመር መኖር የለበትም። ሰርቨሮችን የሚከታተለው ፕሮሜቴየስ የተባለው ሥርዓት ዎችዶግ የሚሉት ማንቂያ የሚበጅለት ለዚህ ነው። ያ ማንቂያ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ውጭ ያለ ሌላ አገልግሎት ጩኸቱን ይሰማል፣ ሲቋረጥ ጠባቂው መሞቱን ይናገራል።

የመልእክቱ መንገድም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በእሱ ብቻ የሚገናኝ ተቋም ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ማለቱ አይቀርም። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ለየብቻ ቢያስጮኽ ባለሙያው በመልእክት ይጥለቀለቃል፤ «ከዞኑ አብዛኛው ጠፍቷል» የሚል አንድ መልእክት ይሻላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንቂያው የሚያዝዘው ጥገናን አይደለም፤ ወደ ስልክና ወደ ወረቀት መመለስን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ተጠሪ ስልክ ቁጥር ከማንቂያው ጋር ተጽፎ መምጣት አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ በእጃችሁ ያለ ባለሙያዎች፣ በዚህ ሳምንት አንዱን ሲንክ ሆን ብላችሁ አቁሙትና የመታገሻው ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቁ። ስልካችሁ ካልጮኸ ማንቂያ የላችሁም፤ ከመስከረም በፊት ትከሉት።