ሂሳብ ቁጥር ሲቀየር ማስታወቂያው ለአጭበርባሪ እንዳይመች

እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የሚገኘው ማክኢዋን ዩኒቨርሲቲ የግንባታ ሥራ ከሚሠራለት ድርጅት የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው። መልእክቱ «የባንክ ሂሳባችን ስለተቀየረ ከእንግዲህ ክፍያችንን በአዲሱ አስገቡልን» የሚል ነበር። ሠራተኞቹ የተባሉትን አደረጉ፤ በሦስት ክፍያ 11.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወጣ። ጉዳዩ የታወቀው እውነተኛው ድርጅት «ገንዘባችን ምነው ዘገየ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተከታትለው ቢደርሱበትም፣ ከመክፈሉ በፊት ወደ ድርጅቱ ደውሎ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም።

የእንዲህ ዓይነቱ ማጭበርበር ጉልበት ከተራነቱ ይመጣል። ድርጅቶች በእርግጥም ባንክ ይቀይራሉ፤ ለደንበኞቻቸውም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ችግሩ ብዙዎቹ እውነተኛ ማስታወቂያዎች ልክ አጭበርባሪው እንደሚጽፈው ሆነው መጻፋቸው ነው። ደንበኛው ሁለቱን የሚለይበት ነገር አያገኝም። ስለዚህ ማስታወቂያውን የሚያርም ሰው ሁለት ጥያቄ ይዞ መቀመጥ አለበት፦ አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበት ይገባዋል ወይ? ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ቢበትነውስ ይሠራል ወይ?

ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባንክ ሊቀይር ነው እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ማሳሰቢያ ለክቡራን ወላጆች በሙሉ። ትምህርት ቤታችን የባንክ ሂሳቡን የቀየረ በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ክፍያችሁን ከዚህ በታች በተገለጸው አዲስ ቁጥር ብቻ በአስቸኳይ እንድትፈጽሙና ደረሰኙን በዚህ የቴሌግራም ቁጥር እንድትልኩ እናሳስባለን። በቀድሞው ሂሳብ የሚፈጸም ክፍያ ተቀባይነት የለውም። ለበለጠ መረጃ ከታች ባለው ስልክ ይደውሉ።»

ከሥሩ ማህተምና ፊርማ ይደረግበታል፤ ፎቶ ተነስቶም በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ይለቀቃል።

መጀመሪያ መውጣት ያለባቸው «ከዛሬ ጀምሮ»፣ «በአስቸኳይ» እና «ተቀባይነት የለውም» የሚሉት ናቸው። ወላጁን ያጣድፉታል፤ የተጣደፈ ሰው ደግሞ አያጣራም። ትናንት በቀድሞው ሂሳብ የከፈለችው እናት ገንዘቧ ይቅር አይቅር አታውቅም። መድኃኒቱ የቃላት ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ የቀድሞውን ሂሳብ ለጥቂት ወራት ክፍት ማድረግ አለበት። ሁለቱም ሂሳቦች ክፍያ የሚቀበሉበት ጊዜ ካለ ማንም የሚቸኩልበት ምክንያት የለም፤ «ዛሬውኑ ክፈሉ» የሚል መልእክት የመጣ እንደሆነም ራሱን ያጋልጣል።

ትልቁ ስህተት ግን «ከታች ባለው ስልክ ይደውሉ» የሚለው ነው። ወረቀቱን የሠራው አጭበርባሪ ከሆነ ስልኩም የእሱ ነው፤ ወላጁ ሲደውል «አዎ፣ ትክክል ነው» የሚለው ራሱ ይሆናል። ማረጋገጫው ከወረቀቱ ውጭ መገኘት አለበት፦ ደንበኛው ቀድሞ በእጁ ካለ ደረሰኝ፣ ከውል ወይም ከምዝገባ ካርድ ላይ። ማህተሙም ቢሆን አይታደግም። ፎቶ የተነሳ ማህተም በሌላ ወረቀት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የቀድሞውን ሂሳብ ቁጥር መጥቀስም ምልክት አይሆንም፤ ማንኛውም ከፋይ ያውቀዋልና። ኢሜይሉ ከተለመደው አድራሻ መምጣቱ እንኳ ዋስትና አይደለም፤ አጭበርባሪዎች የድርጅቱን ትክክለኛ የኢሜይል ሳጥን ሰብረው ገብተው ከዚያው የሚጽፉበት ጊዜ አለ።

የታረመው ማስታወቂያ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«ትምህርት ቤቱ ከየካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያ የሚቀበልበትን የባንክ ሂሳብ ይቀይራል። አዲሱ ቁጥር በዚህ ማስታወቂያ ላይ አልተጻፈም። ከሂሳብ ክፍል በአካል ቀርበው፣ ወይም በምዝገባ ደረሰኝዎ ላይ በታተመው ስልክ ደውለው ይውሰዱ። አዲሱ ሂሳብ የተከፈተው በትምህርት ቤቱ ስም ነው፤ የግለሰብ ስም ካዩ አይክፈሉ። የቀድሞው ሂሳብ እስከ ሚያዝያ 30 ክፍያ ይቀበላል፤ የከፈሉ ወላጆች ድጋሚ አይከፍሉም፤ በለውጡ ምክንያት ለዘገየ ክፍያም ቅጣት የለም። ቁጥሩን በቴሌግራም፣ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት አንልክም። የእርማት መልእክትም አንልክም።»

ቁጥሩን ማስቀረት መጀመሪያ እንግዳ ይመስላል። ግን የሚመሳሰል ወረቀት ሠርቶ ቁጥር ብቻ ለመቀየር የፈለገ ሰው የሚቀይረው ያጣል። ቁጥር ያለበት ወረቀት የደረሰው ወላጅም ሐሰተኛነቱን በዚያው ያውቃል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ደግሞ ለሁለተኛው ዙር ነው። እውነተኛ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ አጭበርባሪው «በቀደመው መልእክት የቁጥር ስህተት ስለነበር ይቅርታ፣ ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ደንበኛው ለውጥ መኖሩን ስለሰማ ይህኛውን ማመን ይቀለዋል። አስቀድሞ «እርማት አንልክም» ማለት ይህን በር ይዘጋል።

ስም ማየት ይጠቅማል። በአገራችን በብዙዎቹ የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያዎች ቁጥሩ ሲገባ የባለሂሳቡ ስም ይታያል። ሆኖም ስሙ ብቻውን አይበቃም። ሊቱዌኒያዊው ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ በላትቪያ ያስመዘገበው ኩባንያ ስሙ ከታይዋኑ ኳንታ ኮምፒውተር ጋር አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ጉግልና ፌስቡክ እውነተኛውን አቅራቢ የከፈሉ መስሏቸው ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ላኩ። ሰውየው በ2019 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እዚያ ስም ያየ ሁሉ ትክክለኛውን ስም ነበር ያየው። ስለዚህ የስም ማጣራት ግልጽ የሆነውን ማጭበርበር ያስቆማል እንጂ በታወቀ ስልክ መደወልን አይተካም።

ደንበኞቹ በየክልሉ ለተበተኑ አከፋፋይ ቁጥርን በአካል መስጠት ሊከብድ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ ቀድሞ በሚታወቀው መንገድ በሚደርሰው የክፍያ መጠየቂያ ላይ ይታተም፤ ማስታወቂያው ግን «ለመጀመሪያ ጊዜ ከመክፈልዎ በፊት በውልዎ ላይ ባለው ስልክ ደውለው ቁጥሩን ያስነብቡን» ይበል። ዋሽንግተን ሆኖ የእህቱን ልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል አጎትም የተላለፈለትን ፎቶ ትቶ፣ እህቱ በራሷ ደውላ ያረጋገጠችውን ቁጥር ከእሷ አንደበት ቢሰማ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ከተዘጋጀ ነው። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ደረሰኙ ላይ ያለው ስልክ አሁንም የሚሠራ መሆኑ መፈተሽ፣ የሂሳብ ክፍሉም ለሚደውል ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ መያዝ አለበት። «እኔ አላውቅም፣ ነገ ይደውሉ» የተባለ ወላጅ ተመልሶ የቴሌግራሙን ቁጥር ያምናል።

አንድ ክፍተት ግን ይቀራል። እውነተኛውን ማስታወቂያ ያላየ ወላጅ ሐሰተኛው ቀድሞ ከደረሰው የሚያነጻጽርበት የለውም። ስለዚህ ማስታወቂያው ለውጡ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መውጣት አለበት፤ በተማሪዎች እጅ በወረቀት ይላክ፣ በበሩ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ በሽግግሩ ወራት በሚሰጠው እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይም «ቁጥር በመልእክት አንልክም» የሚለው መስመር ይታተም። ገንዘቡ ወደ ሐሰተኛ ሂሳብ ገብቶ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ወላጁ በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ ደውሎ ክፍያው እንዲታገድ መጠየቅ፣ ቀጥሎም ለትምህርት ቤቱና ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት፤ ገንዘቡ ከሂሳቡ ወጥቶ ከተበተነ በኋላ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው።